የአንድ ሸክላ ሁለት ፊት

በጁላይ 1954 (እ.ኤ.አ.) ሜምፊስ ከተማ፣ ሰን የተባለ ትንሽ የሙዚቃ ኩባንያ አንድ ሸክላ አወጣ። በአንድ ፊቱ ብሉዝ፣ በሌላው ካንትሪ ነበረበት። ዘፋኙ የ19 ዓመቱ ኤልቪስ ፕሬስሊ ነው። ሮክ ኤንድ ሮል በዚህ ሸክላ ተወለደ ማለት አይቻልም፤ ጥቁር ሙዚቀኞች ቀድመው ይጫወቱት ነበር። ከምን እንደተቀመመ ለመስማት ግን ይህን የመሰለ ምቹ ማስረጃ አላውቅም።

የብሉዙ ዘፈን «ዛትስ ኦል ራይት» ይባላል። የሚሲሲፒው አርተር ክሩዳፕ በ1946 ያስቀረጸው ነው። ኤልቪስና ሁለቱ አጃቢዎቹ ያን ምሽት ለስለስ ያሉ ዘፈኖችን ሲሞክሩ ቆይተው አልሆነላቸውም ነበር። እረፍት ላይ ኤልቪስ ይህን ዘፈን በጨዋታ መልክ ቢጀምር፣ ባሲስቱ ቢል ብላክና ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙር ተከተሉት። የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስም እንደገና እንዲጀምሩት ነገራቸው። ድራመር አልነበረም። ብላክ የትልቁን ባስ ክሮች እየሳበ ከእንጨቱ ጋር ያጋጫቸው ስለነበር፣ ባሱ የከበሮውንም ሥራ ሠራ።

በሌላኛው ፊት የነጮቹ ገጠር ሙዚቃ አለ፤ የቢል ሞንሮ «ብሉ ሙን ኦፍ ኬንተኪ»። የሞንሮ ዘፈን ዋልትዝ ነው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ ቀስ ብሎ ይቆጠራል። እነኤልቪስ ምቱን ወደ አራት ቀይረው አፈጠኑት። ዜማው ያው ሆኖ ሳለ፣ ትካዜው ጠፍቶ ጭፈራ ሆነ።

ጎስፔሉስ? በሸክላው ላይ ስሙ የለም፤ ሥራው የሚሰማው በድምፁ አወጣጥ ነው። ኤልቪስ ያደገው በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ መስመር ጎልቶ የሚታየው ግን በጥቁሮቹ ዘንድ ነው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ገና በ1944 መንፈሳዊ መዝሙር በኤሌክትሪክ ጊታርና በቡጊ ፒያኖ አስቀርጻለች። በ1947 ደግሞ በጆርጂያዋ ሜከን ከተማ አንድ ታዳጊን መድረክ ላይ አውጥታ አዘፈነችው፤ ልጁ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ የታወቀው ነው።

መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ አልነበረም። የሴንት ሉዊሱ ጥቁር ጊታሪስት ቸክ ቤሪ «አይዳ ሬድ» ከተባለ የካንትሪ ዘፈን ተነስቶ «ሜይቤሊን»ን ሠራ፤ በ1955 የቺካጎው ቼስ ኩባንያ አሳተመው። ኤልቪስ ከጥቁሮች ወሰደ ተብሎ ሲነገር፣ ቤሪ ከነጮች መውሰዱ ይረሳል። የልዩነቱ ቦታ ሌላ ነው፦ ገንዘቡ።

ሞንሮ የኤልቪስን ቅጂ ከሰማ በኋላ በዚያው ዓመት ዘፈኑን ዳግም አስቀረጸው፤ በዋልትዝ ይጀምርና መሃል ላይ ወደ ፈጣኑ ምት ይገባል። የደራሲነት ክፍያውንም ያገኝ ነበር። ክሩዳፕ ግን ዘፈኑ በዓለም ሲዞር እሱ በእርሻና በጉልበት ሥራ ነበር የሚተዳደረው። በ1974 እስኪሞት ድረስ ከሚገባው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አልደረሰውም።