ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶ ማኩ ላይ አልታይ ሲል

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጎረቤቴ አንድ ማታ በድንጋጤ ደወለልኝ። የሁለት ሠርግ ቀረጻ ከአይማኩ ወደ ባለ 2 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠ ሳለ መብራት ጠፋ። አይማክ ባትሪ ስለሌለው ኮምፒውተሩም ዲስኩም አብረው ጸጥ አሉ። መብራት ሲመጣ ማኩ ተነሣ፤ የዲስኩ ትንሿ አምፖልም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ዴስክቶፑ ላይ ግን ምንም የለም። «ጋሼ፣ የካሜራውን ካርድ አጥፍቼዋለሁ፤ የአንደኛው ሠርግ ቀረጻ ያለው እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያም አራት ጊዜ ነቅሎ እንደሰካው ነገረኝ። አምስተኛውን እንዳይሞክር ለመንኩት።

ዲስክ መታወቁና ዲስክ መከፈቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማኩ በመጀመሪያ በኬብሉ ጫፍ አንድ ዕቃ መኖሩን ያውቃል። ቀጥሎ በዕቃው ላይ ያለውን የፋይል አደረጃጀት አንብቦ ፋይሎቹን ለእኛ ያወጣልናል። ይህ ሁለተኛው ሥራ Mount ይባላል። ጥፋቱ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ለማወቅ Disk Utility የሚባለውን፣ ከማኩ ጋር አብሮ የሚመጣውን ፕሮግራም ይክፈቱ። View ከሚለው ዝርዝር Show All Devices የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ካልተመረጠ ዲስኩ ራሱ በግራ በኩል ላይታይ ይችላል።

በዝርዝሩ ውስጥ ዲስኩ ጭራሽ ከሌለ ነገሩ የኬብል፣ የሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኬብል ይቀይሩ፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ የተሰካ ከሆነ አውጥተው በቀጥታ ማኩ ላይ ይሰኩት። ዲስኩ ካለና ከሥሩ ያለው ስም ደብዝዞ ከታየ ግን ዕቃው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ያልተከፈተው አደረጃጀቱ ነው። የጎረቤቴ ዲስክ እንዲህ ነበር፤ ስሙ ደብዝዟል፣ ዓይነቱ ደግሞ ኤክስፋት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤክስፋት ዲስክ በወጉ ሳይወጣ ከተነቀለ፣ ወይም መብራት ከጠፋበት፣ «ሥራዬ አላለቀም» የሚል ምልክት ይዞ ይቀራል። ማኩ ያንን ምልክት ሲያይ ዲስኩን ከመክፈቱ በፊት ለእኛ ሳይነግረን መመርመር ይጀምራል። ምርመራው እስኪያልቅ ዲስኩ አይከፈትም። ትልቅና በፋይል የተሞላ ዲስክ ከሆነ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ባለቤቱ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ሲነቅለው ምርመራው ይቋረጣል፤ ሲሰካው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ጎረቤቴ አራት ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ምርመራው እየተካሄደ መሆኑን ለማየት Terminal ከፍተን ይህን ጻፍን፦

```
ps ax | grep fsck
```

ከሚመጣው መልስ አንዱ መስመር ራሱ የጻፍነው ትእዛዝ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። የሚፈለገው `fsck_exfat` የሚል ያለበት ሌላ መስመር ነው። ያ መስመር ነበረ፤ አምፖሏም ሳትቋረጥ ትብለጨለጭ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ሲሆን መስመሩ ጠፋ፤ ወዲያው የዲስኩ ምስል ዴስክቶፑ ላይ ብቅ አለ።

ጎረቤቴ ደስ ብሎት ወዲያው First Aid ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት። First Aid ጥገና ነው፤ የሚጠግነው ግን የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ፋይሎቹን አይደለም። ማውጫው ውስጥ የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ አንዱን ቆርጦ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል፤ የተቆረጠው ደግሞ የሠርጉ ቀረጻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ከተከፈተ በመጀመሪያ ዋና ዋናውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ጥገናውን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው። ሁለቱም ሠርጎች ወጡ፤ መብራት ሲጠፋ በመገልበጥ ላይ የነበረው አንድ ፋይል ብቻ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም አይማኩ ላይ ነበረ።

ጥገናው ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስሙ ያለበትን ክፍል መርጠው First Aid ይላሉ፣ ሲያበቃ ወደ ላይ ወጥተው ዲስኩን ራሱን ይመርጡና ይደግሙታል። በዝርዝር መልእክቱ ውስጥ exit code is 0 የሚል ካዩ ፍተሻው በሰላም አልቋል። 8 የሚል ከሆነ ማኩ መጠገን አቅቶታል ማለት ነው። ያኔ ዲስኩን ወደ ዊንዶውስ ወስዶ መሞከር ያዋጣል፤ ኤክስፋት የማይክሮሶፍት ሥራ ነውና ዊንዶውስ ማኩ ያቃተውን የሚጠግንበት ጊዜ አለ። ዲስኩ እዚያ E በሚል ፊደል ከመጣ ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
chkdsk E: /f
```

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ምንም ጥገና አይሞክሩ። ያ የማሽን ብልሽት ነው፤ First Aid ዲስኩን ባሠራው ቁጥር ጉዳቱን ያብሳል። ነቅለው ለባለሙያ ይውሰዱት። ማኩ ዲስኩን ማንበብ አቅቶት Initialize የሚል ቁልፍ ቢያቀርብልዎትም አይንኩት፤ ወደ ማጥፋት የሚወስድ መንገድ ነው። የማክ ዲስክ ሲሰካበት «ፎርማት ላድርገው?» ለሚለው ዊንዶውስም መልሱ Cancel ነው።

ታዲያ ለምን በኤክስፋት እንቸገራለን? ሌላው ምርጫ የባሰ ስለሆነ ነው። የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። የማኩን ኤፒኤፍኤስ ዊንዶውስ ጭራሽ አያውቀውም። የድሮው ፋት32 በሁለቱም ይሠራል፤ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ደግሞ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫን በሁለቱም ላይ ለማንበብም ለመጻፍም ለትልልቅ ፋይልም የሚሆነው ኤክስፋት ነው። ፎርማት ሲያደርጉ በ Disk Utility ውስጥ ዲስኩን ራሱን መርጠው Erase ይበሉ፤ በ Format ላይ ExFAT፣ በ Scheme ላይ GUID Partition Map ይምረጡ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ።

የኤክስፋት ድክመት አንድ ነው፤ ትልቅም ነው። ዕቃ ከማንሣቱ በፊት ደብተሩ ላይ የሚጽፍ ባለሱቅ አስቡ። በመሃል መብራት ቢጠፋ ደብተሩን አይቶ የት እንደደረሰ ያውቃል። ኤንቲኤፍኤስና ኤፒኤፍኤስ፣ መንገዳቸው ቢለያይም፣ ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ መቋረጥ የተዘጋጁ ናቸው። ኤክስፋት እንዲህ ያለ ደብተር የለውም፤ ሲቋረጥ ሱቁን በሙሉ ከመቁጠር ሌላ መላ አያገኝም። ያ የሃምሳ ደቂቃ ጥበቃ ቆጠራው ነበር።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ኤክስፋት ለማመላለሻ እንጂ ለማከማቻ አይሆንም። ጎረቤቴ አሁን ሁለት ዲስክ አለው። ዋናው ቀረጻ የሚቀመጠው በማኩ አደረጃጀት በተሠራው ላይ ነው፤ ኤክስፋቱ የተጠናቀቀውን ሥራ ዊንዶውስ ላላቸው ደንበኞች ያደርሳል። የካሜራውንም ካርድ ቀረጻው በሁለት ቦታ መቀመጡን ሳያረጋግጥ አያጠፋም። እርስዎም ዛሬ ማታ ዲስክዎን ከመንቀልዎ በፊት Eject ይበሉ፤ ምስሉ ከዴስክቶፑ እስኪጠፋም ይጠብቁ።