በቃሊቲ አጥሮች መካከል የእግረኛ ርቀት በምን ይለካል?

የአቃቂ ቃሊቲን ካርታ ዘርግቶ በአንድ ቤትና በአንድ ትምህርት ቤት መካከል ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው 500 ሜትር ሊያገኝ ይችላል። ያንን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ተማሪ ግን የለም። መስመሩ የመጋዘን ግድግዳ ሰንጥቆ፣ የሰው ጓሮ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ተማሪው በቅያሱ ወጥቶ ዋናውን መንገድ ይይዛል፣ ከዚያ ታጥፎ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 300 ሜትር ወደ ምሥራቅና 400 ሜትር ወደ ሰሜን ቢሆን፣ መንገዶቹም በእነዚሁ አቅጣጫዎች የተዘረጉ ቢሆኑ፣ የሚሄደው የሁለቱን ድምር 700 ሜትር ነው።

የመጀመሪያው የአየር ርቀት ነው። ሁለተኛውን የሒሳብ ሰዎች የታክሲ ርቀት ይሉታል፤ መንገዶቿ እንደ ደብተር መስመር በተሰመሩት የኒውዮርኳ ማንሃተን ስምም ይጠራል። ሐሳቡን ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ኸርማን ሚንኮቭስኪ ቀደም ብሎ አጥንቶት ነበር፤ በታክሲ የሰየመው ግን በ1952 እ.ኤ.አ. ካርል ሜንገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ያለው ልዩነት በሌላው አቅጣጫ ካለው ጋር ይደመራል። እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ሰው መጀመሪያ 300ውን ጨርሶ ቢታጠፍም፣ በየቅያሱ እየታጠፈ በደረጃ መልክ ቢሄድም፣ ወደ ኋላ እስካልተመለሰ ድረስ ርቀቱ ያው 700 ነው። መታጠፊያ ማብዛት መንገድ አያሳጥርም።

አቅጣጫ ሲባል ግን የግድ ሰሜንና ምሥራቅ ማለት አይደለም። የደብረ ዘይት መንገድ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲወርድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘማል፤ እሱን ተከትለው የወጡ ቅያሶችም አብረውት ያዘማሉ። ስለዚህ መለካት የሚገባው በመንገዶቹ አቅጣጫ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ መንገዱ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያመራ ቢሆን ኖሮ የታክሲ ርቀቱም 500 ሜትር ብቻ በሆነ ነበር። የታክሲ ርቀት ከአየር ርቀት የሚበልጠው ቢበዛ 1.41 ጊዜ ነው፤ ይህም የሚሆነው መድረሻው በሁለቱ መንገዶች አቅጣጫ እኩል ሲርቅ ነው። አቅጣጫዎች ሁሉ እኩል ዕድል ቢኖራቸው አማካዩ 1.27 ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ ቢይዛቸው መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ታዲያ እግረኛ በየትኛው ይገዛል? ብዙ ሰው ወሳኙ የመንገዶቹ ቀጥ ማለት ይመስለዋል። እኔ ግን ወሳኙ አጥር ነው እላለሁ። ቱሉ ዲምቱን ወይም ገላን ኮንዶሚኒየምን እንውሰድ። ብሎኮቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ካርታው ላይ ሲታዩ ከዚህ የተሻለ የታክሲ ርቀት መማሪያ ያለ አይመስልም። ነገር ግን በብሎኮቹ መካከል ያለው ቦታ ክፍት በሆነበት ሁሉ ሰው ያቋርጣል። 120 ሜትር በ90 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ዳር ዳሩን ቢዞሩት 210 ሜትር ነው፤ ከጥግ ወደ ጥግ ቢያቋርጡት 150። ስልሳ ሜትር ለማትረፍ ብዙ እግር በረገጠበት ሣር ላይ ቀጭን የአፈር መንገድ ይወጣል። እንዲህ ያለ መንገድ ባለበት ቦታ የአየር ርቀት ነው ትክክለኛው ትንበያ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። የአቃቂ ሜዳ በብዛት ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ ጫማ ይዞ አይለቅም። ያን ጊዜ አቋራጩ ይተውና ሰው ወደ ኮብልስቶኑ ይመለሳል። ቤቱና ሱቁ ሳይንቀሳቀሱ በበጋ በአየር ርቀት የተገመተው መንገድ በሐምሌ በታክሲ ርቀት ይገመታል።

ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት የቃሊቲ ክፍል አቋራጭ የለም፤ ግድግዳው ረጅም ነው። እዚያ የታክሲ ርቀት ከአየር ርቀት እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም እሱም የሚሳሳትበት ቦታ አለ። 400 ሜትር ርዝመትና 250 ሜትር ወርድ ያለው አንድ ግቢ እናስብ። ከረጅሙ ግድግዳ መሐል ላይ የቆመ ሰው በትክክል ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቦታ መሄድ ቢፈልግ የአየር ርቀቱም የታክሲ ርቀቱም 250 ሜትር ነው። እግሩ የሚሄደው ግን 200 ወደ ጎን፣ 250 ወደ ውስጥ፣ 200 ደግሞ ወደ መሐል ተመልሶ፣ በድምሩ 650 ሜትር ነው። የታክሲ ርቀት የሚታመነው በየጥቂት ሜትሩ መታጠፊያ ሲገኝ ነው። ግቢዎቹ እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ስሌቱን ትቶ በመንገዱ ላይ ራሱ መለካት ይሻላል።

የታክሲ ርቀት በጣም የሚጠቅመው መሻገሪያው በተወሰነበት ቦታ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች የተሞላ ነው። የአቃቂ ወንዝ በድልድይ ብቻ ይታለፋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ እግረኛም አይገባበትም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቃሊቲ ቀላል ባቡር በመሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ሐዲዱ በአጥር የተከለለ ነው። አንድ ቤት ከሐዲዱ በምዕራብ በኩል 200 ሜትር ይርቃል፣ ጤና ጣቢያው በምሥራቅ በኩል 150 ሜትር ይርቃል፣ ከቤቱም በሐዲዱ አቅጣጫ 300 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል እንበል። የአየር ርቀቱ ወደ 461 ሜትር ነው፤ የታክሲ ርቀቱ 650። መሻገሪያው በቤቱና በጤና ጣቢያው መካከል ባለው የ300 ሜትር ስፋት ውስጥ እስካለ ድረስ፣ የትም ይሁን የት፣ 650ው አይጨምርም። መሻገሪያው ከቤቱ 250 ሜትር ሽቅብ ቢሆን ግን ሰውየው ያን ያህል ወጥቶ ያን ያህል መመለስ አለበት፤ 500 ተጨምሮ 1,150 ሜትር ይሆናል። ሕጉ ይህ ነው፤ መሻገሪያው ከስፋቱ ውጭ በወጣው ልክ እጥፉ ይጨመራል። በደቂቃ 80 ሜትር ለሚራመድ ሰው የአየር ርቀቱ ስድስት ደቂቃ ሲሆን እውነተኛው መንገድ ከ14 ደቂቃ በላይ ነው።

ከላይ ያስቀመጥናቸው ቁጥሮች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በስልኩ ለክቶ ለአየር ርቀቱ ቢያካፍል መልሱ ስለ ሰፈሩ ይነግረዋል። ወደ 1 የቀረበ ከሆነ አቋራጭ አለ፣ ወይም መንገዱ በቀጥታ ወደ መድረሻው ያመራል። የብዙ መንገዶች አማካይ 1.27 አካባቢ ከሆነ የታክሲ ርቀት ይሠራል። ከ1.41 በላይ ከሆነ በመሐል አጥር፣ ወንዝ ወይም የተዘጋ ቅያስ አለ፤ መንገዱ ቅያስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይሆንም ነበርና። በሐዲዱ ምሳሌ ውጤቱ 2.5 ገደማ ነው።

ይህ በተለይ የሚመለከተው በፌርማታ ወይም በጤና ጣቢያ ዙሪያ 500 ሜትር ክብ አስምረው በውስጡ ያለው ሁሉ ቅርብ ነው የሚሉ ዕቅድ አውጪዎችን ነው። የክቡ ስፋት 78.5 ሄክታር ነው፤ ቅያስ በቅያስ በሆነ ሰፈር በ500 ሜትር መንገድ የሚደረስበት ቦታ ግን በጥጉ የቆመ ካሬ ሲሆን ስፋቱ 50 ሄክታር ብቻ ነው። ቤቶቹ እኩል ቢሰራጩ በክቡ ውስጥ ካሉት ከ100 ቤቶች 36ቱ ከተባለው ርቀት ውጭ ናቸው። ስለዚህ በክቡ ፋንታ ካሬው ይሰመር፤ ሐዲድ፣ ወንዝና ረጅም ግድግዳ ባለበት ቦታ ደግሞ መሻገሪያው የት እንዳለ ሳይታይ ርቀት አይጻፍ።