መዳብና ብር፦ ኤሌክትሮኑ ወዴት ይሄዳል?

በኬሚስትሪ ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። የመዳብ ሽቦ ሲልቨር ናይትሬት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢነከር ሪአክሽን ይካሄዳል ወይ? ምክንያቱን በኤሌክትሮድ ፖቴንሻል አስረዳ። «አዎ» የሚለውን ብዙ ተማሪ ያገኘዋል። ማርክ የሚቀነሰው ከ«አዎ» ቀጥሎ በሚጻፈው ላይ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚታየው አያሻማም። ቀዩ ሽቦ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ነገር ይለብሳል፤ ቆየት ሲል የሚያብረቀርቁ የብር መርፌዎች ይበቅሉበታል። ቀለም ያልነበረው ውሃም ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ሰማያዊው የመዳብ አዮን ነው። መዳቡ ኤሌክትሮን እየሰጠ ይሟሟል፤ የብር አዮኑ ደግሞ ያንን ኤሌክትሮን እየተቀበለ ጠጣር ብር ይሆናል።

ገልቫኒክ ሴል ይህንኑ ሪአክሽን በሁለት ብርጭቆ ከፍሎ ያካሂደዋል። በአንዱ መዳብ ከመዳብ ናይትሬት ጋር፣ በሌላው ብር ከሲልቨር ናይትሬት ጋር ይቀመጣሉ። ሁለቱ ስለተለያዩ ኤሌክትሮኑ ከመዳቡ ወደ ብሩ የሚሄደው በውጭ በተዘረጋው ሽቦ በኩል ብቻ ነው፤ እኛም ኤሌክትሪክ የምናገኘው ለዚህ ነው። በብርጭቆዎቹ መካከል ያለው የጨው ድልድይ አዮኖችን እያሳለፈ የቻርጁን ሚዛን ይጠብቃል፤ ድልድዩ ቢነሳ ፍሰቱ ወዲያው ይቆማል። ብዙ ሥዕሎች ላይ ድልድዩ በፖታሲየም ክሎራይድ ተሞልቶ ይታያል። እዚህ ግን ክሎራይዱ ከብር አዮን ጋር ነጭ ዝቃጭ ስለሚሠራ ፖታሲየም ናይትሬት ይሻላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጨመረ ተማሪ ሥዕሉን ሸምድዶ እንዳልመጣ አራሚው ይገባዋል።

አቅጣጫውን ግን እንዴት አስቀድመን እናውቃለን? አንድን ኤሌክትሮድ ብቻውን መለካት ስለማይቻል ሁሉም ከሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ጋር ይነጻጸራል፤ የሃይድሮጅኑ ዜሮ ተብሎ ተወስኗል። ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የተጻፉት ኤሌክትሮን በመቀበል አቅጣጫ ነው።

```
Ag+  + e-  → Ag    E° = +0.80 V
Cu2+ + 2e- → Cu    E° = +0.34 V
```

ቁጥሩ ከፍ ያለው ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌው ይበልጣል። ስለዚህ የብር አዮኑ ይቀበላል፤ ይህ ካቶዱ ነው። መዳቡ ለመስጠት ይገደዳል፤ እሱ አኖዱ ነው። የሴሉ ቮልቴጅ የካቶዱ ሲቀነስ የአኖዱ ነው።

```
Cu + 2Ag+ → Cu2+ + 2Ag
E° = 0.80 - 0.34 = +0.46 V
```

ውጤቱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሪአክሽኑ በተጻፈበት አቅጣጫ በራሱ ይሄዳል። ጥያቄው ተገልብጦ ብር በመዳብ ናይትሬት ውስጥ ቢነከር ውጤቱ −0.46 ቮልት ይሆናል፤ ምንም አይታይም።

ስህተት የሚበዛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ የብሩ ግማሽ ሪአክሽን በሁለት ይባዛል። ታዲያ ብዙዎች 0.80ንም በሁለት ያባዙና 1.26 ቮልት ላይ ይደርሳሉ። ቮልት በአንድ ቻርጅ ልክ የሚሰላ ጉልበት ነው፤ ሁለት ኪሎ ጤፍ ስለገዛን የኪሎው ዋጋ እጥፍ አይሆንም። የቻርጁ ብዛት የሚገባው ሌላ ቦታ ነው፦ ΔG° = −nFE° በሚለው ቀመር n እዚህ 2 ሲሆን፣ የነጻ ጉልበቱ ለውጥ ወደ −89 ኪሎጁል ይጠጋል። ሁለተኛው ስህተት የመዳቡን ምልክት ገልብጦ እንደገና መቀነስ ነው፤ ያኔ 1.14 ይመጣል። ምልክቱን የገለበጠ ይደምር፤ የሚቀንስ ምልክቱን አይንካ።

ቁጥሩ የማይናገረውም አለ። ሰንጠረዡ የሚሠራው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እያንዳንዱ አዮን በሊትር 1 ሞል ሲሆን ነው። በመዳብና በብር መካከል ያለው 0.46 ቮልት ሰፊ ስለሆነ መጠኑ ትንሽ ቢለዋወጥ አቅጣጫው አይቀየርም። የብር አዮን ከብረት አዮን (Fe2+) ኤሌክትሮን ሲወስድ ግን ልዩነቱ 0.80 ሲቀነስ 0.77 ነው፤ ይህችን 0.03 ቮልት የአዮኖቹ መጠን በቀላሉ ሊገለብጣት ይችላል። ፍጥነትንም ቢሆን ቮልቱ አይነግረንም። አሉሚኒየም በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ሲነከር ስሌቱ 2.00 ቮልት ይሰጣል፤ ብረቱ የለበሰው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚከላከለው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ የመልሳችሁን የመጨረሻ መስመር «በመደበኛ ሁኔታ ሪአክሽኑ በራሱ መሄድ ይችላል» ብላችሁ ጻፉ፤ «በፍጥነት ይሄዳል» አትበሉ።