ጥሬ ገንዘቡ በመስኮት ገባ፣ ባንኩ በቅጣት ወጣ

በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ትልቁ ችግሩ ክብደቱ ነው። አደንዛዥ ዕፅ የሚገዛው ሰው በትናንሽ ኖቶች ይከፍላል፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሃያ ዶላር ኖት ሲቆጠር 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ይዞ ፎቅ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ "መታጠብ" አለበት፤ አጠባውም በተለምዶ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። እነሱም ወደ ባንክ ማስገባት፣ ምንጩን ማወሳሰብና መልሶ ከሕጋዊ ሀብት ጋር መቀላቀል ናቸው።

የሦስቱንም አሠራር በግልጽ የሚያሳየው ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የተከሰሰበት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ማስገባቱ። የሜክሲኮና የኮሎምቢያ ዕፅ ነጋዴዎች ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር በዚህ ባንክ በኩል ማጠባቸው በክሱ ሰነድ ሰፍሯል። በሜክሲኮ ቅርንጫፎች በአንድ ቀን በአንድ ሒሳብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በጥሬው ይገባ ነበር፤ ሰዎቹም በካሸሩ መስኮት ልክ የተሠሩ ሣጥኖች ይዘው ይመጡ ነበር። የአሜሪካው ቅርንጫፍ ግን ሜክሲኮን ከአራቱ የአደጋ ደረጃዎች ዝቅተኛው ላይ መድቧት ስለነበር፣ ከዚያ የሚመጣውን ሐዋላ አብዛኛውን አይመረምርም ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ለነጋዴው አንባቢ ይበልጥ ይቀርባል። የኮሎምቢያ አስመጪ ፍሪጅ ወይም ልብስ ከአሜሪካ ለመግዛት ዶላር ይፈልጋል፤ የባንኩ ምንዛሪ ግን ውድ ነው፣ ቀረጥም ያስከትላል። ደላላው ዶላሩን ከዕፅ ነጋዴው በቅናሽ ይገዛል፣ ለአስመጪውም ከባንክ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ዶላሩ ከአገር ወደ አገር መጓዝ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ለአሜሪካው ፍሪጅ ሻጭ ይከፈላል። አስመጪው ፔሶውን ለደላላው ይሰጣል፣ ደላላውም ለዕፅ ነጋዴው። ይህ "የፔሶ ጥቁር ገበያ" ይባላል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የቀመሰ አስመጪ ሒሳቡ ወዲያው ይገባዋል።

አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ገዥና ገንዘቡን የላከው ሰው አይገናኙም። ዕቃው የታዘዘው ከቦጎታ ሆኖ ክፍያው ከማይታወቅ የሜክሲኮ ድርጅት ከመጣ፣ ሻጩ ሳያውቅ የአጠባው ተካፋይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደረጃ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ፔሶው የንግድ ገንዘብ መስሏል፤ ቤትም መሬትም ይገዛል።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ 28 ግራም ክራክ ኮኬይን ለሽያጭ ይዞ የተገኘ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰራል። ዕፁ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል፤ ማስረጃው እርሱው ነው። በባንኩ ላይ ግን አቃቤ ሕጉ የመሠረተው ክስ ገንዘብ አጥቧል የሚል ሳይሆን በቂ ቁጥጥር አላደረገም፣ ማዕቀብም ጥሷል የሚል ነበር። ግለሰብን ለመክሰስ አንድ የተወሰነ ሰው አውቆ ማድረጉ መረጋገጥ አለበት። ሥራው ግን ሣጥኑን በተቀበለው፣ ደረጃውን በመደበው፣ ሐዋላውን ባስተላለፈውና የቁጥጥር ሠራተኛ እንዳይቀጠር በወሰነው መካከል ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ከጉዳዩ ቁራጭ እንጂ ሙሉውን አልያዘም።

ሌላም ምክንያት ነበር። ባንኩ በወንጀል ቢፈረድበት የአሜሪካ ፈቃዱን ያጣል፣ የገንዘብ ሥርዓቱም ይናጋል የሚል ሥጋት ባለሥልጣናቱ በግልጽ ተናግረዋል። የእንግሊዙ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርንም ይህንኑ ሥጋት ለአሜሪካ መጻፋቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የምክር ቤት ሪፖርት ታውቋል። የኪስ ዕፅ ሻጭ እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

ውጤቱ ስምምነት ሆነ። ባንኩ ጥፋቱን አምኖ 1.92 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ክሱም ለ5 ዓመት ታግዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰረዘ። ከባንኩ ኃላፊዎች አንድም በዚህ ጉዳይ አልተከሰሰም፤ የአንዳንዶቹ ጉርሻ ክፍያ ግን እንዲዘገይ ተደረገ። ባንኩ በ2012 ከግብር በፊት ያተረፈው 20.6 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቅጣቱ የአምስት ሳምንት ትርፍ ያህል መሆኑ ነው። ያንንም የከፈሉት ባለአክሲዮኖች ናቸው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሌላውን ባንክ የሚያስፈራው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የሥራ ገደብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቲዲ የተባለው የካናዳ ባንክ የአሜሪካ ክፍል በገንዘብ አጠባ ሴራ ጥፋተኝነቱን አምኖ፣ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከመክፈሉም ሌላ የአሜሪካ ሀብቱን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳያሳድግ ታግዷል። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያ የተከሰሱት የታችኛው እርከን ሠራተኞች ነበሩ።