ጥቁሩ ሐይቅ ነው ወይስ ድንጋይ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በመኪና የሚጓዝ ሰው መተሐራ ሊደርስ ሲል በውሃ መካከል የሚያልፍ ይመስለዋል። አስፋልቱን ግራና ቀኝ የከበበው በሰቃ ሐይቅ ነው። በስተ ሰሜን የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ ከእሱ የፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ሐይቁ ዳር ወርዷል። በአዋሽ በኩል ደግሞ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተዘርግቷል። ማሳ፣ መንገድና ውሃ በአንድ ፍሬም ውስጥ ስለሚገቡ ስፍራው የሳተላይት ምስል ማንበብን ለመማር ይመቻል፤ ለመሳሳትም ጭምር።

የመጀመሪያው ስሕተት ቀለምን ማመን ነው። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ምስል ዓይን እንደሚያየው ዓይነት አይደለም። ዓይን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በቀይ ቀለም ይተካሉ። ለምለም ቅጠል ይህን ብርሃን አጥብቆ ስለሚመልስ የአገዳው ማሳ እንደ ደም ቀልቶ ይወጣል። ውሃ ግን ውጦ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ሐይቁ ይጠቁራል። ችግሩ የፈንታሌ ድንጋይም ጥቁር መሆኑ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ከከበበ ሐይቁ በወረቀት ላይ ያለ ልክ ይሰፋል።

ሁለቱን የሚለየው ቀላል ስሌት ነው። ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች፣ ማለትም ከፒክሰሎች፣ በእያንዳንዱ ላይ ከአረንጓዴው ብርሃን መጠን የቅርብ ኢንፍራሬዱ ይቀነሳል፤ ውጤቱም ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ ውሃው ከአረንጓዴው 6 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ 2 በመቶ ቢመልስ፣ 4 ለ8 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። ድንጋዩ 7 እና 9 ቢመልስ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለዓይን ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ በቁጥር ግን አንዱ ከዜሮ በላይ፣ ሌላው ከዜሮ በታች ነው።

ከዚያ በኋላ ስፋትን መለካት ቆጠራ ነው። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሚያነሡት ምስል የአንድ ፒክሰል ጎን 30 ሜትር ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ለመሙላት 1,111 ያህል ፒክሰሎች ያስፈልጋሉ። በሰቃ ከሳተላይት ዘመን በፊት በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በዚህ ልኬት ቢቆጠር 3,300 ፒክሰል ብቻ ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ከ44,000 ይበልጣል።

መንገዱስ? ስፋቱ ከአንድ ፒክሰል ያነሰ ሆኖ ሳለ ይታያል። የደረቀው አስፋልትና ጠጠር ከጥቁሩ ውሃ አጠገብ ስለሚደምቅ የነካውን ፒክሰል ሁሉ ያፈካዋል፤ በዚህም ምክንያት ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። የየዘመኑ ምስሎች ተደራርበው ሲታዩ ውሃው ወደ መስመሩ ሲቀርብ፣ ኋላም በሁለቱም ወገን ሲያቅፈው ይታያል። አውራ ጎዳናውና የድሮው ባቡር ሐዲድ በአፈርና በድንጋይ ሙሊት ከፍ እንዲደረጉ ያስገደደው ይኸው መስፋፋት ነው።

ማሳው ሌላ ወጥመድ አለው። አገዳ በየተራ ስለሚቆረጥ በአንድ ቀን ምስል ላይ አንዱ ማሳ ደማቅ ቀይ፣ ጎረቤቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ባዶውን አይቶ «እርሻው ተተወ» ማለት ስሕተት ነው፤ የተለወጠው መሬቱን የሸፈነው ነገር እንጂ የመሬቱ አገልግሎት አይደለም። ውሃ የጠጣ ማሳም ለጥቂት ቀናት ሐይቅ ሊመስል ይችላል። መለያው ቅርጹ ነው፦ የማሳ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ የሐይቅ ዳር ግን የመሬቱን ጎድጓዳነት ተከትሎ ይታጠፋል። የሚጠራጠር አንባቢ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተነሣ ምስል ይመለከታል፤ ማሳው ተመልሶ ከቀላ ነገሩ ተለየ። የተለያዩ ዓመታት ሲነጻጸሩም ምስሎቹ ከአንድ ወቅት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ደመና የሚቀልበትና የዝናብ ኩሬ የማይበዛበት በጋ ለዚህ ይመቻል።

እንዲህም ሆኖ ዳርቻው ሁልጊዜ አጠራጣሪ ነው። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ የሆነ ፒክሰል ከአንዱ ወገን መመደብ አለበት። ጎኑ 80 ሜትር ገደማ በነበረው የ1970ዎቹ ምስል ላይ ይህ ስሕተት ይብሳል። ስለዚህ በአሮጌና በአዲስ ምስል መካከል የታየ የጥቂት አሥር ሜትሮች ልዩነት ለውጥ ተብሎ አይመዘገብም። የበሰቃ ግን በዚህ የሚሸፈን አይደለም።

ሐይቁ ለምን እንደ ሰፋ ምስሉ ራሱ አይናገርም። ተመራማሪዎች በአካባቢው ካሉ የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውሃና የከርሰ ምድር ውሃ መጨመርን እንደ ምክንያት ይጠቅሳሉ፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት ግን ጉድጓድ ይለካሉ፣ የውሃውን ኬሚካላዊ ይዘት ይመረምራሉ። በሰቃ በተፈጥሮው መውጫ የሌለው፣ ጨዋማ ውሃ ያለው ሐይቅ ነው። ወደ አገዳው ማሳና ወደ አዋሽ ቢጠጋ ስጋት የሚፈጥረውም ጨዋማነቱ ነው፤ በምስሉ ላይ ግን ጨዋማውም ንጹሑም ውሃ ያው ጥቁር ሆኖ ይታያል።