ከብልቃጡ ጎን የቀረው ቁጥር

አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲዎች ክኒን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በክብ ፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ሌብሉ ብልቃጡን ዞሮ ይለጠፋል፤ የስልክ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሜሪላንድ የሚኖሩ እናት የስኳር መድኃኒታቸውን ፎቶ አንስተው ቴክሳስ ላለች ልጃቸው በቴሌግራም ሲልኩ፣ የሚደርሳት የሌብሉ አንድ ጎን ነው። የቀረው በብልቃጡ ክብ ተሸሽጓል፤ ብዙ ስህተትም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ልጅቷ በስልኳ ያነበበችው ይህን ነው እንበል፦ `METFORMIN HCL 500 MG TABLET`፤ ከሥሩ `TABLETS BY MOUTH TWICE DAILY WITH MEALS`፤ ዝቅ ብሎ `QTY: 120` እና `REFILLS: 2`።

መጀመሪያ ስም። ሌብሉ ላይ ቢያንስ ሁለት የሰው ስም ይኖራል፤ አንዱ የታማሚው፣ ሌላው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ነው። ከሐኪሙ ስም አጠገብ ብዙውን ጊዜ `DR` ወይም `MD` ስለሚጻፍ መለየቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የታማሚው ስም አጻጻፍ ነው። በብዙ ፋርማሲዎች የአባት ወይም የአያት ስም ይቀድምና ከኮማ በኋላ የራስ ስም ይከተላል። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ቤት ቢኖሩ በሁለቱም ብልቃጥ ላይ ቀድሞ የሚታየው ያው የአባታቸው ስም ነው። የማን መድኃኒት እንደሆነ የሚለየው ከኮማው በኋላ ያለው ስም ስለሆነ፣ ፎቶው እዚያ ላይ ከተቆረጠ ሌላውን ከማንበብ በፊት እንደገና ማስነሳት ነው።

ቀጥሎ የመድኃኒቱ ስም። ሜትፎርሚን የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ ግሉኮፋጅ ደግሞ አንዱ የንግድ ስሙ። ቤት ውስጥ ግሉኮፋጅ የሚል አሮጌ ብልቃጥ ካለ፣ አዲሱን እንደ ሌላ መድኃኒት ቆጥሮ ሁለቱንም መዋጥ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጡት አጫጭር ፊደላትም መታለፍ የለባቸውም። `ER` የሚል ካለ ክኒኑ ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ነውና አይፈጭም፣ አይታኘክም። ደብዛዛ ፎቶ ላይ ደግሞ ስምን በመጀመሪያው ፊደልና በርዝመቱ መገመት አደገኛ ነው። ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክና ለጭንቀት፣ ሃይድራላዚን ደግሞ ለደም ግፊት የሚታዘዙ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ግን መጀመሪያቸውም መጨረሻቸውም ይመሳሰላል። አንዳንድ ፋርማሲዎች `hydrOXYzine` እና `hydrALAZINE` ብለው መሃሉን በትልልቅ ፊደል የሚጽፉት ለዚህ ነው።

500 ሚሊግራም የሚለው ቁጥር ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል። ይህ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ነው፤ ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ አይናገርም። ጣጣው የሚመጣው ጥንካሬው ሲቀየር ነው። ሁለት ሁለት ባለ 500 ፍሬ ይወስዱ የነበሩ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 1000 ቢሰጣቸው፣ አሁን የሚበቃቸው አንድ አንድ ፍሬ ነው። እጃቸው እንደለመደው ሁለት ካነሱ የታዘዘላቸውን እጥፍ ዋጡ ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ብልቃጥ ፎቶ ጎን አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ነጥብና ፊደልም ልብ ይባል፦ 2.5 በደብዛዛ ፎቶ 25 ይመስላል፤ `MCG` ደግሞ የ`MG` አንድ ሺህኛ ነው።

አሁን ወደ አወሳሰዱ። ከ`TABLETS` በፊት ቁጥር መኖር ነበረበት፤ በብልቃጡ ጎን ቀርቷል። ልጅቷ ፊት ለፊት ሁለት ፍንጭ አላት። አንደኛ፣ ቃሉ የብዙ ቁጥር ነው፤ አንድ ፍሬ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ `TABLET` ይባል ነበር። ሁለተኛ፣ `QTY` የሚለው በብልቃጡ ውስጥ የተቆጠረው ፍሬ ብዛት ነው። 120 ፍሬ ለ30 ቀን ከሆነ በቀን 4 ይደርሳል፤ `TWICE DAILY` በቀን ሁለት ጊዜ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ 2 ፍሬ ማለት ነው። ያው 120 ፍሬ ለ60 ቀን የተሰጠ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ 1 ብቻ ይሆናል። ስሌቱ ጥርጣሬን ለማንሳት ይጠቅማል እንጂ የጠፋውን ቁጥር አይተካም። ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፦ «እማዬ፣ ብልቃጡን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሪና ሌላ ፎቶ ላኪልኝ።»

ብልቃጡን እያዞሩ ሦስት ፎቶ ማንሳት፣ የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ እንዲደገም ማድረግና መብራት እንዳያንጸባርቅ ከመስኮት አጠገብ መቆም ይበቃል። ፎቶው ስም፣ የሐኪም ትእዛዝ ቁጥርና አንዳንዴም የቤት አድራሻ ስላለበት ለሚያነበው ሰው ብቻ ይላክ፤ የዘመድ ሁሉ ግሩፕ ቦታው አይደለም።

ቁጥሩ ቢታይም ንባቡ ገና አላለቀም። በ2006 በአሜሪካ 395 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከነበረው መካከል 70.7 በመቶው «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለውን መመሪያ በትክክል ተናግረዋል። በቀን የሚወሰደውን ፍሬ ቆጥረው እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ግን የቻሉት 34.7 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ «በቀን ሁለቴ» ብላ ከምታቆም፣ «ከቁርስ ጋር ሁለት፣ ከእራት ጋር ሁለት» ትበል፤ እናትየውም ፍሬዎቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው በቪዲዮ ያሳዩ። ሰዓት ከተጠቀሰም የአቆጣጠሩ ልዩነት አይረሳ፤ ሌብሉ ላይ `8 PM` የሚለው በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው።

የመጨረሻው `REFILLS: 2` ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሳይመለሱ ይህንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ እንደገና ማስሞላት ይቻላል ማለት ነው። አጠገቡ ቀን ካለ፣ ለምሳሌ `BEFORE 03/12/27`፣ አሜሪካ ውስጥ ወሩ ስለሚቀድም ማርች 12 ነው እንጂ ዲሴምበር 3 አይደለም፤ ያ ቀን ካለፈ የቀረው ሪፊል አይሠራም። `DISCARD AFTER` የሚለው ደግሞ ሌላ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው መድኃኒት መወሰድ የለበትም።

`REFILLS: 0` ሲታይ አንዳንድ ሰው መድኃኒቱ አበቃ ብሎ ያቆማል። የተሞላው ፈቃድ እንጂ ሕክምናው አላለቀም፤ ሜትፎርሚንን የመሰለ መድኃኒት ሐኪም አቁሙ ካላለ ይቀጥላል። ስለዚህ ብልቃጡ ባዶ ሳይሆን፣ የሳምንት ያህል ፍሬ ሲቀር፣ ሌብሉ ላይ ባለው ስልክ ፋርማሲው ዘንድ መደወል ነው። የሚጠየቁት ስም፣ የትውልድ ቀንና `RX` ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ፋርማሲስቱ አዲስ ፈቃድ ከሐኪሙ ሊጠይቅላቸው ይችላል፤ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኛቸው መጠየቅ ይቻላል።