ለዘመድ የሠርግ ጥሪ የሚጻፍ የይቅርታ መልእክት፦ የቋንቋው አሠራር

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ዛሬ የምንመረምረው አንዲት አጭር መልእክት ናት። የቅርብ ዘመድ ለሠርግ ሲጠራንና መገኘት ሳንችል ስንቀር የምንጽፋትን ማለቴ ነው። ርዝመቷ ከስምንት ወይም ከዐሥር ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ነገር ግን በእርሷ ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ቤተሰቦች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ጥያቄ ቅሬታው ከየት ይመጣል የሚል ነው፤ ከመቅረታችን ነው ወይስ ከአጻጻፋችን?

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የጥሪውን ባሕርይ እንመልከት። በአገራችን የሠርግ ጥሪ ካርድ በአብዛኛው የሚወጣው በወላጆች ስም ነው። «አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት የልጃቸውን ሠርግ…» እያለ ይጀምራል። ይህ ማለት ጠሪው ሙሽራው ወይም ሙሽራዪቱ ብቻ አይደሉም፤ ቤቱ ነው። ስለዚህ መልሱም በቅድሚያ የሚገባው ለቤቱ ታላቅ ነው። ለሙሽራዪቱ በስልክ አጭር ቃል ልኮ እናቷን መዝለል ከሚደጋገሙት ስሕተቶች አንዱ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ የሚከተለው ነው። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ለሠርግ ሲጠሩ እንግዶች ናቸው። የቅርብ ዘመድ ግን እንግዳ አይደለም፤ የሠርጉ ባለቤት ነው። ድግሱ ሲደገስ የሚያግዝ፣ በዕለቱ በር ላይ ቆሞ የሚቀበል፣ «ብሉልን፣ ጠጡልን» እያለ የሚዞር እርሱ ነው። ስለሆነም ዘመድ ሲቀር የጎደለው አንድ ወንበር አይደለም፤ አንድ አስተናጋጅ ነው። መልእክቱም ግብዣን የመመለስ ሳይሆን በራስ ድርሻ ላይ ስላለመገኘት ይቅርታ የመጠየቅ መልእክት ይሆናል። ቀሪው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

በዚህ ረገድ ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የትሕትና ጥናት ያቀረቡት ክፍፍል ይረዳናል። እነርሱ እንደሚሉት ሰው በንግግር ውስጥ ሁለት ነገር ይሻል፤ አንደኛው እንዳይገደድ፣ ሁለተኛው እንዲወደድና የራስ ወገን ሆኖ እንዲቆጠር ነው። ለባዕድ የምንጽፈው የእምቢታ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ፍላጎት ይጠብቃል፤ ርቀት ይይዛል፣ ያመሰግናል፣ ይሰናበታል። ዘመድ ግን የሚጎዳው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ለባዕድ ትሕትና የሆነው ርቀት ለዘመድ ስድብ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምሳሌ እንግባ። ምሳሌውን ለትምህርቱ እኔ ያዘጋጀሁት ነው። አንዲት ነርስ ሐዋሳ ትሠራለች። ጎንደር ያለች አክስቷ ልጇን ጥር 18 ቀን ትድራለች። ነርሷ ከምትሠራበት ክፍል ሁለት ባልደረቦቿ ለፈተና ስለ ሄዱ የሌሊቱ ተራ በእርሷ ላይ ወድቋል። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«ለሠርጉ ስላደረጉልኝ ጥሪ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም በሥራ ምክንያት በዕለቱ መገኘት የማልችል መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ። መልካም ጋብቻ እንዲሆን እመኛለሁ።»

በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ሦስት ነገሮች ግን ያስቀይማሉ። የመጀመሪያው «ስላደረጉልኝ ጥሪ አመሰግናለሁ» የሚለው መክፈቻ ነው። ስለ መጠራቱ የሚያመሰግን ሰው ባይጠራም ኖሮ ቅር የማይለው ሰው ነው፤ ይኸውም ባዕድ ነው። ሁለተኛው «በሥራ ምክንያት» የሚለው ነው። ሥራ የሌለው ማን አለ? የትኛው ሥራ፣ ለምን በዚያ ቀን የሚለው ስላልተገለጠ አክስቲቱ ክፍተቱን በራሷ ግምት ትሞላዋለች፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነው። ሦስተኛው «በትሕትና አሳውቃለሁ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው። ማኅተም ብቻ የጎደለው ደብዳቤ ይመስላል።

የተሻሻለውን መልእክት ላንብብላችሁ፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንኳን ደስ ያለዎት! የእኅቴን ሠርግ ከሰማሁ ጀምሮ ደስታዬ ልክ የለውም። ጥር 18 ቀን ከጎንዎ ቆሜ እንግዳ መቀበል የእኔ ሥራ ነበር። ነገር ግን በክፍላችን ካለነው ሦስት ነርሶች ሁለቱ ለፈተና ሄደው እስከ ጥር 25 ስለማይመለሱ የሌሊቱ ተራ በእኔ ላይ ወደቀብኝ። የሚተካኝ ሰው ከሌላ ክፍል ብጠይቅም አልሆንልኝ አለ። ስለዚህ በዕለቱ አልኖርም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለድግሱ የድርሻዬን በወንድሜ እጅ ልኬያለሁ። ጥር 29 ቀን ፈቃድ ስላገኘሁ መጥቼ እርስዎንም ሙሽሮቹንም እጠይቃለሁ። ትዳራቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው። ልጅዎ።»

ቃል በቃል እንመርምረው። «እኅቴ» የሚለውን ልብ በሉ። ሙሽራዪቱ በዝምድና ቆጠራ የአክስት ልጅ ናት። ነገር ግን «የአክስቴ ልጅ» ብሎ መጻፍ ዝምድናውን መለካት ነው፤ በቀረንበት ቀን ደግሞ መለካቱ ይበልጥ ይሰማል። «የእኔ ሥራ ነበር» የሚለው ሐረግ የመልእክቱ ምሰሶ ነው። ጸሐፊዋ ራሷን ከእንግዶች መካከል ሳይሆን ከአስተናጋጆች መካከል አቆመች። «ነበር» የሚለው ቃልም ሊሆን ይገባው የነበረውንና ያልሆነውን በአንድ ጊዜ ይናገራል።

ቀጥሎ ግሦቹን እንይ። «አልመጣም» ስንል የግሡ ባለቤት «እኔ» ነኝ፤ ፈቃዱም የእኔ ይመስላል። አማርኛ ግን ፈቃድን ከሰው ላይ አንሥቶ በነገር ላይ የሚያኖርበት መንገድ አለው። «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» የሚሉትን አነጻጽሩ፤ በ«ል» ፋንታ «ብ» ሲገባ ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል። «ወደቀብኝ» ስትል ተራው በእርሷ ላይ የደረሰ ጫና መሆኑን ያቺው አንዲት ፊደል ትናገራለች። «አልሆንልኝ አለ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይርቃል፤ እምቢ ያለው ነገሩ ራሱ ነው፣ ሰውዬዋ ለምና ያጣች ናት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልእክቱ በሙሉ በእንዲህ ዐይነት ግሦች ቢሞላ ትመጣለች ወይስ አትመጣም የሚለው አይታወቅም። ደጋሹ ሰው ይቆጥራል፤ ወጡንም፣ ጠላውንም፣ ማደሪያውንም በቁጥር ያዘጋጃል። «እሞክራለሁ» እና «ሁኔታው ከፈቀደ» የሚሉት ለጊዜው ፊት ያድናሉ፤ በዕለቱ ግን «ትመጣለች» ተብሎ ሲጠበቅ መቅረት ከእምቢታ ይከፋል። ስለዚህ በመካከሉ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ሊኖር ይገባል፦ «በዕለቱ አልኖርም።» ከፊቱ ምክንያቱ፣ ከኋላው ይቅርታው ስላለ ቃሉ አይቆረቁርም።

ምክንያቱን በተመለከተ አንድ መመዘኛ አለኝ፤ አክስቲቱ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ይቆማል ወይ? «ለጥር 29 ፈቃድ ያገኘሽ ለ18 እንዴት አጣሽ?» ብትል መልሱ በመልእክቱ ውስጥ አለ፤ ባልደረቦቿ የሚመለሱት ጥር 25 ነው። ብዙዎች የሚመርጡት የሐሰት ሕመም ግን በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። በእኛ አገር ታመምኩ ያለ ሰው ይጠየቃል፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ዘመድ ብርቱካን ይዞ ደጃፍ ሲቆም ሐሰቱ ይገለጣል። ምክንያቱ ሐዘን ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩ በደስታ መልእክት ውስጥ አይጻፍም፤ «የማልተወው የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል» ብሎ ቀሪውን ለድምፅ መተው ይሻላል።

ስለ አክብሮት ቃልም አንድ ነገር ልጨምር። ምሳሌዬ «እርስዎ» የሚለው ነርሷ አክስቷን በዘወትር እንዲህ ስለምትጠራት ነው። በብዙ ቤት አክስት «አንቺ» ትባላለች። በዘወትር «አንቺ» የምንላትን ሴት በይቅርታ ቀን ድንገት «እርስዎ» ብንላት ያከበርናት አይመስላትም፤ የራቅናት ይመስላታል። የመልእክቱ ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ መሆን አለበት።

አላላኩም የመልእክቱ አካል ነው። ለታላቅ ዘመድ መጀመሪያ ይደወላል፤ ጽሑፉ ቃሉን ያጸናል እንጂ አይተካውም። ጥሪው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ በሠርጉ ዋዜማ የሚደርስ ይቅርታ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ተደብቆ እንደ ቆየ ያስቆጥራል። መልእክቱ ምናልባት በልጅ ወይም በጎረቤት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው ይሆናል። ስለዚህ በሰው ፊት ሲነበብ የማያሳፍር፣ ምኅጻረ ቃል የሌለበት ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻም ወሰኑን ልናገር። ለመቅረታችን እውነተኛው ምክንያት ቂም ከሆነ ምንም ያህል የተዋበ መልእክት አይጠግነውም። ያ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ከሠርጉ በፊት ሰው ይላካል። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ከሆነ ግን መቅረቱ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። ባዶ እጁን የመጣ ዘመድ ከስጦታ ላኪ ዘመድ ይልቅ በር ላይ ይፈለጋል። ሠርጉ ቢያልፍም መልስና ቅልቅል አሉ፤ በዋናው ቀን የቀረ ዘመድ በእነዚህ ቢገኝ ድርሻውን በከፊል ይወጣል።

ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ፦ አሁን ካርዱ በስልክ ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይላካል። እንዲህ ለመጣ ጥሪ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የመልሱን ክብደት የሚወስነው ጥሪው የመጣበት መንገድ ሳይሆን ዝምድናው ነው። ለመቶ ሰው የተላከው ካርድ ለዘጠናው የግብዣ ወረቀት ነው፤ ለዐሥሩ ደግሞ «ሠርጋችን ደረሰ» የሚል ማስታወቂያ ነው። እናንተ ከዐሥሩ ከሆናችሁ በካርዱ ሥር «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አልችልም» ብላችሁ አትለፉ፤ ደውሉ፣ ከዚያም ጻፉ።